የትንበያ ስሕተት በመቶኛ ሲለካ የሚያሳስትበት ሁኔታ

በድርቅ ወቅት የሚቀርብ የእርዳታ እህል ትንበያ በኋላ ከታየው ትክክለኛ ፍላጎት ጋር ይነጻጸራል። ለዚሁ ተግባር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ለሁሉም በቀላሉ የሚገባው የመቶኛ ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ ይህ መለኪያ የተሻለውን ትንበያ የከፋ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

ጉዳዩን ለማስረዳት ብቻ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። የደባርቅ ትክክለኛ ፍላጎት 2,000 ኩንታል፣ የዳባት 1,600 ኩንታል፣ በሊማሊሞ ግርጌ የምትገኝ የአንዲት አነስተኛ ቀበሌ ደግሞ 20 ኩንታል ነበር እንበል። አንደኛው ባለሙያ በቅደም ተከተል 1,900፣ 1,500 እና 50 ኩንታል ተነበየ። ሁለተኛው 1,400፣ 1,200 እና 20 ኩንታል አለ።

የአንደኛው ስሕተት በመቶኛ ሲሰላ 5፣ 6.25 እና 150 ሲሆን፣ አማካዩ 54 ያህል ነው። የሁለተኛው 30፣ 25 እና 0 ሆኖ አማካዩ 18 ያህል ነው። በዚህ መለኪያ ሁለተኛው ተመራጭ ይሆናል። ነገር ግን በእርሱ ትንበያ የተመራ መጋዘን 1,000 ኩንታል ይጎድለዋል፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ቢታደል፣ ይህ ከ6,600 የሚበልጡ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። አንደኛው ባለሙያ ያጎደለው 200 ኩንታል ብቻ ነው።

የስሕተቱ ምንጭ አካፋዩ ነው። ትክክለኛው ፍላጎት 20 ኩንታል ብቻ በሆነበት ቀበሌ የ30 ኩንታል ልዩነት 150 በመቶ ይሆናል፤ ፍላጎቱ ዜሮ ከሆነማ ማካፈል ጭራሹን አይቻልም። በተጨማሪም አሳንሶ የተነበየ ሰው ስሕተቱ ከ100 በመቶ ሊያልፍ አይችልም፤ አብዝቶ የተነበየ ግን ወሰን የለውም። ስለዚህ በመቶኛ ብቻ የሚመዘን ባለሙያ አሳንሶ መተንበይን ይለምዳል፤ ጉዳቱም በተረጂው ላይ ይወድቃል።

ሌላው መለኪያ እያንዳንዱን ስሕተት በራሱ አባዝቶ፣ ድምሩን ለቦታዎቹ ቁጥር አካፍሎ፣ የውጤቱን ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው። በዚህ ስሌት አንደኛው 83 ኩንታል፣ ሁለተኛው 416 ኩንታል ያህል ይሆናል፤ ፍርዱም ይገለበጣል። ትልልቅ ስሕተቶች በራሳቸው ሲባዙ ጎልተው ስለሚታዩ፣ ከባድ ጉድለት አይደበቅም።

ይህም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። አንደኛው ባለሙያ ለትንሿ ቀበሌ በ50 ፈንታ ዜሮ ቢተነብይ ኖሮ ውጤቱ ከ83 ወደ 82 ዝቅ ይል ነበር፤ ቁጥሩ ሲሻሻል የቀበሌዋ ችግረኞች አንድም ቁና ሳያገኙ ይቀራሉ።

መቶኛ የግድ ካስፈለገ፣ የስሕተቶቹን ጠቅላላ ድምር ለፍላጎቱ ጠቅላላ ድምር ማካፈል ይሻላል፤ አንደኛው 6፣ ሁለተኛው 28 በመቶ ያህል ይሆናል። ከአማካዩ ጎን ግን በየቀበሌው ስንት ኩንታል እንደጎደለና እንደተረፈ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይያያዝ፤ አነስተኛ ቀበሌዎች የሚታዩት በእርሱ ነውና።