የቀጠነ ሾርባን ዱቄቱ ሳይጓጉል ስለ ማወፈር

ድንችና ካሮት የገባበት ሁለት ሊትር ያህል የአትክልት ሾርባ በስሎ ሳለ ውኃው ለብቻው፣ አትክልቱም ለብቻው ሆኖ ሲገኝ፣ ምግብ ሠሪው ወደ ዱቄቱ ዕቃ እጁን ከመስደዱ በፊት በድስቱ ውስጥ ያለውን ነገር ማየት ይኖርበታል። ድንች በስታርች የተሞላ ነው። ስታርች ተክሎች ለኋላ ቀለብ የሚያከማቹት፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ሆኖ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እነዚህ እንክብሎች በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ ውኃ እየጠጡ ስለሚያብጡ ፈሳሹ እንደ ልብ መፍሰሱን ትቶ ይወፍራል። ስለዚህ ከበሰለው ድንችና ካሮት ሲሶ ያህሉን በጭልፋ አውጥቶ፣ ከራሱ ሾርባ ጥቂት ጨምሮ በሹካ አድቅቆ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጣዕሙም ከዚያው ከሾርባው ስለሆነ አይለወጥም። ድንች የበዛበትን ሾርባ በመፍጫ ማሽን ለረጅም ጊዜ መፍጨት ግን አይመከርም፤ ምላጩ የድንቹን ሕዋሳት ሰባብሮ ስታርቹን በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣው ሾርባው የሚለጠጥና የሚያጣብቅ ይሆናል።

አጃ ያለው ቤት ለአንድ ሊትር ሾርባ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተዳመጠ አጃ ጨምሮ፣ ከታች እንዳይዝ እያማሰለ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢያበስለው ያለ ምንም ሥጋት ይወፍርለታል።

ጥንቃቄ የሚሻው ዱቄት ነው። የፈላ ሾርባ ላይ ደረቅ ዱቄት ሲበተን በየቦታው የሚፈጠረው ጓል ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ፣ በርትቶ ማማሰል ብቻውን አያድንም። የዱቄቱ ቁንጣሪ ሙቁን ፈሳሽ በነካበት ቅጽበት በዙሪያው ያለው ስታርች አብጦ እንደ ሙጫ ይሆንና ቁንጣሪውን ይሸፍነዋል፤ ሽፋኑም ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ስለሚከለክል መሐሉ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ጓል የቱንም ያህል ቢፈላ አይሟሟም። ከእሳቱ ላይ ማቆየት ሽፋኑን ያጠነክረው እንደሆነ እንጂ አይፈታውም። መፍትሔው የዱቄቱ ቅንጣቶች ሙቀት ሳያገኛቸው በፊት አንዳቸው ከሌላቸው እንዲለያዩ ማድረግ ነው፤ ይህም የሚሠራው በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ወይም በስብ ለውሶ ነው።

ብዙዎች ዱቄቱን መበጥበጥ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ቀድሞ ተቀድቶ ዱቄት ከላይ ሲጨመርበት፣ ደረቆቹ ቁንጣሪዎች በውኃው ላይ እየተንሳፈፉ ከማንኪያው ስለሚሸሹ፣ ብጥብጡ ገና ሾርባው ዘንድ ሳይደርስ ጓጉሎ ይጠብቃል። ለተጠቀሰው ሁለት ሊትር ሾርባ አራት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በጎድጓዳ ሳህን ይደረግና በመጀመሪያ የሚጨመርበት ቀዝቃዛ ውኃ ከሦስት ማንኪያ ያልበለጠ ይሁን። በዚህ ውኃ ዱቄቱ ወፍራምና ለማሸት የሚያስቸግር ሊጥ ይሆናል፤ ማስቸገሩም ይፈለጋል፤ ወፍራም ሊጥ ከማንኪያው ጀርባና ከሳህኑ ግድግዳ መካከል ሲታሽ ጓሉ የሚያመልጥበት ቦታ አጥቶ ይደቅቃልና። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ሊጡ እንደ ለጋ ቅቤ ልስልስ እስኪል ድረስ ይሹት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሌላ አምስት ወይም ስድስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያቅጥኑት። ትክክለኛው ብጥብጥ ከማንኪያ ላይ ሳይቆራረጥ እንደ ወተት ይወርዳል። በዓይን ጥርጣሬ ካደረበት በሻይ ማጥለያ ማሳለፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ድስቱ ሲገለበጥም ሁለተኛ አደጋ አለ። ብጥብጡ ትንሽ ከቆየ ዱቄቱ ከታች ስለሚዘቅጥ፣ ሳይነቃነቅ የፈሰሰ እንደሆነ መጀመሪያ ውኃው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወፍራሙ ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ዝቃጩም እዚያው ይጓጉላል። ድስቱ ከእሳት ወርዶ መንተክተኩ ጋብ ሲል፣ አንድ ጭልፋ ሙቅ ሾርባ በብጥብጡ ላይ ቀስ እያለ ጨምሮ ማላመድ ይገባል፤ ከዚያም ብጥብጡን እንደገና በጥብጦ፣ በአንድ እጅ በቀጭኑ እያፈሰሱ በሌላው ያለማቋረጥ ማማሰል ነው። በመጀመሪያው ዙር ግማሹን ብቻ ማፍሰስ ይበልጣል። የስንዴ ስታርች በሚገባ የሚወፍረው ወደ መፍላት ሲቃረብ ስለሆነ፣ ሾርባው እሳት ላይ ተመልሶ እስኪንተከተክ ድረስ ቀጭን ሆኖ ይታያል፤ በዚህ ጊዜ ትዕግሥት ያጣ ሰው ቀሪውን ይደፋና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ገንፎ ያገኛል። ከፈላ በኋላ በለስላሳ እሳት አምስት ደቂቃ ይቆይና ይቀመስ፤ ምላስ ላይ የጥሬ ዱቄት ጣዕም ካለ ጥቂት ይጨመርለት። ውፍረቱ የሚለካውም ያኔ ነው፤ ማንኪያ ነክሮ በጀርባው ላይ በጣት መስመር ሲሰመር፣ መስመሩ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከብጥብጡ ይልቅ የሚመርጠው ግን በዘይት የሚሠራውን ነው። አራት ማንኪያ ዱቄት በሦስት ማንኪያ ዘይት፣ ጾም ካልሆነም በቅቤ፣ በትንሽ መጥበሻ ላይ ሽታው እስኪለወጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ከታሸ፣ ስቡ እያንዳንዱን ቅንጣት ስለሚለብሰው ዱቄቱ እርስ በርሱ አይጣበቅም፤ የጥሬነት ጣዕሙም እዚያው መጥበሻው ላይ ይጠፋል። በዚህ ላይ ሾርባው በጭልፋ እየተጨመረ በየጊዜው ከተማሰለ በኋላ ወደ ድስቱ ይመለሳል። ዱቄቱ እንዳይጠቁር መጠንቀቅ ያሻል፤ አብዝቶ የተቆላ ዱቄት ስታርቹ በሙቀቱ ስለሚሰባበር የማወፈር ኃይሉ ይቀንሳል። ቤት ውስጥ ያለ በሶ ልክ እንደ ጥሬው የገብስ ዱቄት የማያወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሾርባው ጓጉሎ ከተገኘ ተጨማሪ ዱቄት አይጨመርበት። ፈሳሹ በወንፊት ይጠለልና አትክልቱ ተለይቶ ይመለስ፤ ጓሉ ግን በወንፊቱ ላይ ሊታሽ አይገባም፤ ሲታሽ መሐሉ ያለው ጥሬ ዱቄት ወጥቶ ሌላ ጓል ይሠራልና ይጣል። ሎሚ ወይም ብዙ ቲማቲም የሚገባበት ሾርባም የራሱ ጠባይ አለው፤ አሲድ ከሙቀት ጋር ሲቆይ ስታርቹን ስለሚሰብረው የወፈረው ተመልሶ ይቀጥናል፤ ሎሚው ከእሳት ከወረደ በኋላ ቢጨመር ይህ አይደርስም።

በርበሬ ለገባበት ቀይ ወጥ ግን ዱቄት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የቀይ ወጥ ውፍረት የሚመጣው በደንብ ደቅቆ ከተቁላላ ሽንኩርት ነው፤ ዱቄት ሲገባበት ቀለሙ ይፈዛል፣ በርበሬውም ይደበዝዛል። የቀጠነውን ወጥ ክዳኑን ከፍቶ በለስላሳ እሳት ውኃውን ማትነን ጊዜ ቢወስድም ጣዕሙን ይጠብቃል፤ እንዲህ ሲደረግ ጨዉም ስለሚጎላ የመጨረሻው ጨው መጨመር ያለበት ከተነነ በኋላ ነው። የምስርና የአተር ክክ ወጥ ደግሞ ዱቄትም ትነትም ሳያስፈልገው፣ ጥቂቱን ክክ በማማሰያ ከድስቱ ግድግዳ ጋር ማድቀቅ ይበቃዋል። በዱቄትም በክክም የወፈረ ምግብ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚጠብቅ፣ ለማግስቱ የሚቀመጠው ከተፈለገው ትንሽ ቀጠን ብሎ መውረድ አለበት፤ ሲሞቅም ጥቂት ሙቅ ውኃ ይጨመርበታል።