ከመደብር ውጭ የሚጫን የውርርድ መተግበሪያ

ጥያቄ (ከአርቦዬ)፦ በቴሌግራም የተላከ የውርርድ መተግበሪያ ሲጫን አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። አደጋው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጉግል ፕሌይ የገንዘብ ውርርድ መተግበሪያዎችን የሚያስተናግደው በዘረዘራቸው አገሮች ብቻ በመሆኑ፣ አንዳንድ አወራራጅ ድርጅቶች ኤፒኬ የተባለውን የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል በየድረ ገጻቸው ያቀርባሉ፤ ስለዚህ ፋይሉ ከመደብሩ ውጭ መምጣቱ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም፤ አጭበርባሪውም የሚከለለው በዚሁ ልማድ ነው።

ዋናው ምልክት የሚጠየቀው ፈቃድ ነው። ለመወራረድ የስልኩን ባለቤት አጭር መልእክት ማንበብ አያስፈልግም፤ አንዳንዴ አብሮ የሚጠየቀው Accessibility የሚባለው ፈቃድ ደግሞ አካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች የታሰበ፣ በማያ ገጹ ላይ ያለውን የሚያነብና በባለቤቱ ፈንታ ቁልፍ የሚነካ አገልግሎት ነው። ሁለቱን ያገኘ ተንኮል አዘል ፕሮግራም እንደ ቴሌብር ላሉ አገልግሎቶች የሚላከውን የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ኮድ ከመልእክቱ ወስዶ ለሌባው ማስተላለፍ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው አንድሮይድ 13 ከመደብር ውጭ በፋይል ለተጫኑ መተግበሪያዎች የAccessibility ፈቃድ በቀላሉ እንዳይሰጥ ስለሚያግድ፣ ላኪው Allow restricted settings የሚለውን እንዲነኩ ከመራ ጥርጣሬው እጅግ ይበረታል።

ፈቃዱ አስቀድሞ ከተሰጠ፣ በመጀመሪያ ዳታና ዋይፋይ ይዘጋሉ፤ የገንዘብ አገልግሎቱ የሚስጥር ቁጥር በሌላ ስልክ ይቀየራል፤ ከዚያም ፈቃዱ ተነሥቶ መተግበሪያው ይጠፋል፤ ይሁንና ማጥፋቱ አስቀድሞ የተላከውን መረጃ አይመልስም።