ልጅዎ ፊደል ለይቶ ቃል ማንበብ ለምን አቃተው?

«ዶክተር፣ ልጄ ፊደሉን ሁሉ ለይቷል፤ ቃል አንብብ ሲባል ግን ይደናበራል። መነጽር ያስፈልገው ይሆን?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። ዓይኑን ማስመርመር ጥሩ ነው። ግን አንድ በአንድ እያየ ፊደሎቹን በትክክል ከጠራ፣ ፊደሉ ይታየዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቸግረው ድምፆችን መለየትና መልሶ መግጠም ነው።

አንድ የ7 ዓመት ልጅ «መስኮት» የሚለውን ቃል «መ...ስ...ኮ...ት» ብሎ አራቱንም ፊደል ጠራልኝ። «እና ምን ሆነ?» ስለው «ኮት» አለኝ። ለምን? «ስ» እና «ት» ሳድስ ናቸው። ለብቻቸው ሲጠሩ ድምፃቸው ይጎተታል፤ ስንናገር ግን ከፊታቸው ካለው ፊደል ጋር ይጣበቃሉ። ስለዚህ «መስኮት» በጽሑፍ 4 ፊደል ቢሆንም በአፍ 2 ክፍል ብቻ ነው፦ መስ-ኮት። ልጁ አራት የተበታተኑ ድምፆችን ሲይዝ የመጀመሪያዎቹ ጠፉበት።

እቤት ውስጥ ያለ ደብተር፣ በጆሮ ብቻ እንዲህ አለማምዱት፦

1. ቤት መምታት፦ «ከበሮ፣ ቀበሮ፣ ድመት፤ መጨረሻው የማይመሳሰለው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።

2. ማጨብጨብ፦ ለ«ቤት» 1፣ ለ«ዳቦ» 2፣ ለ«ቀበሮ» 3 ጊዜ ያጨብጭብ። «ቤት» ላይ ሁለቴ ካጨበጨበ የሚቆጥረው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። ቃሉን ሳትቆራርጡ በተለመደው አነጋገር ድገሙለት።

3. መግጠም፦ እናንተ ቆም እያላችሁ «ቀ...በ...ሮ» በሉ፣ እሱ ቃሉን ይንገራችሁ። ይህ ሲቀለው «መስ...ኮት» ወደሚሉት እለፉ።

ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። መጀመሪያ «መ»ን እና «ስ»ን አጣብቆ «መስ» ይበል፤ ቀጥሎ «ኮት»፤ በመጨረሻ ሁለቱን ይግጠም። አራት ነገር ሳይሆን ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚይዘው። በቀን 5 ወይም 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ታክሲ ውስጥም ሆነ ሽንኩርት እየላጣችሁ ይቻላል።

መሻሻሉን የምታውቁት አይቶት የማያውቀውን ቃል ስትሰጡት ነው። የለመደውን ገጽ በቃሉ ሸምድዶት ሊሆን ስለሚችል በእሱ አትመዝኑት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ፣ ቴሌቪዥን ድምፅ የሚያስጨምር ወይም ጆሮው መግል የሚያወጣ ከሆነ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩ። በጆሮ ታምቡር ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ተቀራራቢ ድምፆችን ያደበዝዛል። ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ለጥቂት ወራት በየቀኑ ተለማምዶም «ቀ...በ...ሮ»ን መግጠም ካቃተው፣ «ሰነፍ» ከማለት በፊት ከመምህሩ ጋር ተነጋገሩና ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዱት።