ከካርታውና ከቪዲዮው የቱን እናጥፋ?

በአቦከር የምንኖር ተማሪዎች የስልካችን ቦታ ሲጠብ፥ ከጫንነው ካርታና ካስቀመጥነው ቪዲዮ አንዱን ማጥፋት ግድ ይሆንብናል። ስንመርጥ መጠኑን ብቻ ሳይሆን መልሶ ማግኘት መቻሉን እንመዝን። የቴሌግራም ቪዲዮ መልእክቱን ሳንሰርዝ ከስልኩ ብቻ ብናጠፋው፥ ላኪው እስካልሰረዘው ድረስ ኔትወርክ ሲገኝ እንደገና ይወርዳል። ካርታ ግን የሚያስፈልገን ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት ነው።

ሆኖም ካርታ ሁሉ እኩል አይደለም። የጉግል ካርታ ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ እንጂ የእግር መንገድ አይመራም፤ ብዙዎቹ የጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች ደግሞ መኪና አያስገቡም። ኦርጋኒክ ማፕስ ግን እግረኛንም ይመራል። ስለዚህ ከማጥፋታችን በፊት ዳታውን ዘግተን፥ ከሸዋ በር እስከ ቡዳ በር በእግር እንዲመራን እንጠይቀው። መንገዱን ካሳየን ካርታው ይቆይ፥ ቪዲዮው ይጥፋ፤ እምቢ ካለን ቦታውን ለቪዲዮው ይልቀቅ።