ከዓመት በፊት ያነጋገራችሁት ሪክሩተር ዛሬም ይጠቅማችኋል

ሥራ ፍለጋ እንደገና ሲመጣ ብዙዎቻችን ከዜሮ እንጀምራለን። ማስታወቂያ ስናሳድድ፣ ፎርም ስንሞላ እናመሻለን። ኢሜይላችን ውስጥ ግን ከዓመት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ያነጋገረን፣ ሙያችንን ጠይቆ የተረዳ፣ የምንፈልገውን ደመወዝ የመዘገበ ሰው አለ። ታዲያ ለምን አንጽፍለትም? ይሉኝታ ይይዘናል። «ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ሲቸግረኝ ብቻ ብቅ ብል ምን ይለኛል?» እንላለን።

ለዘመድና ለወዳጅ ቢሆን ይህ ስሜት ተገቢ ነው። ሪክሩተር ግን እንጀራው ሰውን ከሥራ ማገናኘት ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤጀንሲ የሚሠራ ሪክሩተር ለቋሚ ቦታ ሰው ሲያስቀጥር ክፍያውን ለኤጀንሲው የሚፈጽመው ቀጣሪው ድርጅት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ከ20 እስከ 25 በመቶ ማስከፈል የተለመደ ነው። 80 ሺህ ዶላር በሚከፈልበት ቦታ ብትቀጠሩ፣ በ20 በመቶ ስሌት ኤጀንሲው 16 ሺህ ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ከእናንተ ኪስ አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ ገንዘብ አምጡ የሚላችሁ ካለም ከእሱ ራቁ። እንግዲህ የተዋወቃችሁት፣ ለሥራ የተዘጋጃችሁ ባለሙያ ሆናችሁ ስትመለሱ ሸክም አትሆኑበትም። የሚሸጠውን ይዛችሁለት ነው የመጣችሁት!

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሪክሩተሩ ፊታችሁንና ድምፃችሁን ረስቶ ይሆናል፤ መዝገባችሁ ግን አለ። ኤጀንሲዎች የአመልካቾችን ሬዙሜና የንግግር ማስታወሻ «ኤቲኤስ» በሚባል ሶፍትዌር ያስቀምጣሉ። አዲስ ቦታ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚፈልጉት እዚያው ነው። ችግሩ መዝገቡ ያኔ በነበራችሁበት ቆሞ መቅረቱ ነው። የአምና ማዕረጋችሁ፣ የአምና ደመወዛችሁ፣ ምናልባትም «ሌላ ሥራ ይዛለች» የሚል ማስታወሻ ሰፍሮበታል። በዚህ ዓመት የተማራችሁትን ሙያ አያውቀውም። ስለዚህ ሪክሩተሩ ለእናንተ የሚሆን ቦታ ይዞ ቢፈልግ እንኳ ስማችሁ ላይወጣ ይችላል። የምትጽፉት ኢሜይል ዋና ሥራው ይህን ማረም ነው። ከሰላምታም በላይ፣ ሪክሩተሩ በሁለት ደቂቃ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው መረጃ ሊሆን ይገባል።

አንዲት ቨርጂኒያ የምትኖር የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። አምና በመጋቢት ከአንድ የኤጀንሲ ሪክሩተር ጋር ተነጋገረች፤ ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ስትጠራ ሌላ የኮንትራት ሥራ አግኝታ ራሷን አገለለች። አሁን ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው። መጀመሪያ የምታደርገው የአምናውን ኢሜይል ፈልጋ ማግኘት ነው። አዲስ መልእክት አትከፍትም፤ በዚያው ላይ ትመልሳለች። ሪክሩተሩ ዝቅ ሲል የራሱን ጽሑፍ ያያል፤ ማን እንደሆነች ማስረዳት አይጠበቅባትም። የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይዘቱ ግን ይህን ይመስላል፦

«አምና በመጋቢት ስለ አሌክሳንድሪያው የአካውንታንት ቦታ በስልክ ተነጋግረን ነበር። ለሁለተኛ ቃለ መጠይቅ ከተጠራሁ በኋላ ሌላ ሥራ ስለተቀበልኩ ራሴን አገለልኩ፤ ላደረጉልኝ እገዛ አሁንም አመሰግናለሁ። ኮንትራቴ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ያበቃል። በዚህ ዓመት ድርጅቱ ከኩዊክቡክስ ወደ ኔትስዊት ሲሸጋገር ሒሳቡን ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ የወር መጨረሻ መዝጊያውም ከ10 ቀን ወደ 6 ቀን ወርዷል። አሁን የምፈልገው በሰሜን ቨርጂኒያ ወይም በዲሲ ቋሚ የሲኒየር አካውንታንት ቦታ ነው፤ ደመወዙ ከ80 እስከ 88 ሺህ ዶላር። ግሪን ካርድ ስላለኝ ስፖንሰር አያስፈልገኝም። አዲሱን ሬዙሜዬን አያይዣለሁ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለ10 ደቂቃ መነጋገር እንችላለን?»

እስቲ አስተውሉት። አምና ነገሩ እንዴት እንዳለቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሳትሸሽግና ሳታስረዝም ተናግራለች። ያኔ መልስ ሳትሰጡ ጠፍታችሁ ከነበረም ይኸው ቦታ ነው፤ አንድ የይቅርታ ዓረፍተ ነገር አስገቡና እለፉ። «ኔትስዊት» የሚለው ቃል ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ሲገባ ነገ ሌላ ሪክሩተር ሲፈልግ ስሟን ያወጣዋል። ቦታው፣ ደመወዙ፣ የምትጀምርበት ጊዜና የሥራ ፈቃዱ ሪክሩተሩ ደውሎ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ሳይጠየቁ ተመልሰዋል። «ማንኛውም ሥራ ካለ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ግን በየትኛው ቦታ ፍለጋ ላይ እንደሚያወጣት አያውቅም ነበር።

ያነጋገራችሁት በአንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሪክሩተር ከሆነ ትንሽ ይለያል። እሱ የሚያስቀጥረው ለራሱ ድርጅት ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ድርጅቱ ያወጣውን ክፍት ቦታ ተመልከቱና የሚስማማችሁን በስሙ ጠቅሳችሁ ጻፉለት።

ኢሜይሉ አልደረሰም ብሎ ቢመለስስ? ሪክሩተሮች ቶሎ ቶሎ መሥሪያ ቤት ይቀያይራሉ። ሊንክድኢን ላይ ፈልጉት። ለእሱ በአዲሱ ቦታው ጻፉለት፤ ለቀድሞው ኤጀንሲም «አሁን የሒሳብ ቦታዎችን የያዘው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱም ትውውቁ ከሰውየው ጋር ሄዷል፤ መዝገባችሁ ግን ኤጀንሲው ዘንድ ቀርቷል። አንድ በር ተዘጋ ስትሉ ሁለት በር አገኛችሁ!

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ወጥመድ አለ። አምና ኤጀንሲው ሬዙሜያችሁን ለአንድ ድርጅት ልኮ ከነበረ፣ በውላቸው መሠረት ድርጅቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ቢቀጥራችሁ ክፍያው የዚያ ኤጀንሲ ይሆናል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ወይም 1 ዓመት ነው። ዘንድሮ ሌላ ኤጀንሲ ለዚያው ድርጅት ቢልካችሁ ሁለቱ «የእኔ ናት» ሊባባሉ ይችላሉ፤ ድርጅቱም ንትርኩን ፈርቶ ስማችሁን ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ስልክ ላይ «አምና ሬዙሜዬን ለእነማን ልካችሁ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝርዝሩን ጻፉት። «የድርጅቱን ስም ሳትነግረኝና ፈቃዴን ሳትጠይቅ ለማንም እንዳትልክ» ማለትም መብታችሁ ነው። አዲሱ ሬዙሜ ላይ ያሉት የሥራ ቀኖች ከአምናው ጋር መግጠማቸውንም አረጋግጡ፤ ሁለቱም መዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ይታያሉና።

መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ በዚያው ኢሜይል ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ። ከዚያም ዝም ካለ ተዉትና ወደ ሌላው እለፉ። ዝምታው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ እናንተ አይደለም፤ በእጁ ለእናንተ የሚሆን ቦታ የለም ማለት ነው። «አሁን ቦታ የለኝም» ብሎ ቢመልስ ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ አዲሱን ሬዙሜያችሁን አይቶታል ማለት ነው። «ኔትስዊት የሚፈልግ ቦታ ሲመጣ አስታውሱኝ» ብላችሁ መልሱለት። ሰው በሚያስታውሰው ነገር ጠይቁት፤ ያን ጊዜ ለማስታወስ ይቀለዋል።

እንግዲህ ኢሜይላችሁን ክፈቱ። መፈለጊያው ላይ የኤጀንሲውን ስም ጻፉ። የአምናውን ንግግር አግኙና ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር መልሱበት። ይሉኝታውን ለዘመድና ለወዳጅ አቆዩት፤ ለሪክሩተሩ የዘንድሮ ሙያችሁን ላኩለት!