የምርቃት ሱፌን ልልበስ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ከኢሉባቦር ኖፓ ነኝ። ወጣቶች አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የዲዛይን ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ያለኝ ጥቁር የምርቃት ሱፍና ከረባት ነው። በጂንስና በቲሸርት ብሄድ ደግሞ የናቅኳቸው እንዳይመስላቸው ፈራሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሱፉን ለያይተህ ልበሰው። ሱሪውን ያዝ፤ ኮቱና ከረባቱ ቤት ይቅሩ። ብዙዎች በተቃራኒው ኮቱን በጂንስ ይለብሱታል፤ እኔ አልመክርም። የሱፍ ኮት ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ከሻካራ ጂንስ ጋር ሲሆን ሱሪው የጠፋበት ይመስላል። ሱሪው ግን ከብዙ ሸሚዝ ጋር ይስማማል።

ከላይ ወፈር ያለ የጥጥ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ወይም ነጣ ያለ ግራጫ፣ የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ከፍተህ ልበስ። ብርድ ካለ ስስ ሹራብ ደርብ። ልብሱን አዲስ መግዛት የለብህም፤ ከመቱ ሰልባጅ የተገኘም ይበቃል። ስትመርጥ ትከሻውን እይ፤ ስፌቱ የትከሻህ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። እጅጌና ወገብን ልብስ ሰፊ በቀላሉ ያስተካክላል፣ ትከሻን ማስተካከል ግን ከባድ ነው። የምርቃት ሱሪ ብዙ ጊዜ ረዝሞ ጫማ ላይ ይከመራል፤ ጫማህን አድርገህ አስለካውና ጫፉ ጫማውን ነካ ብቻ እንዲያደርግ አሳጥረው።

ከዚያ መስታወት ፊት ተቀመጥና ሥራህን እንደምታሳይ እጅህን ዘርጋ። ሸሚዙ ከሱሪው ከወጣ ወይም ደረትህ ላይ ቁልፎቹ መሃል ከተከፈተ አጭር ወይም ጠባብ ነው፤ ሌላ ፈልግ።

የኢሉባቦር ዝናብና ጭቃ ጫማ አይምርም። ለቃለ መጠይቁ የምታደርገውን ጫማ በፌስታል ይዘህ በሌላ ጫማ ተጓዝ፤ ሸሚዙንም አዲስ አበባ ስትደርስ ተኩሰው።