የበጀት ማብራሪያ፦ አንባቢው ቁጥሩን መልሶ እንዲያሰላው

ከአጥቢያ ኮሚቴዎች በሚቀርቡልን የፕሮጀክት ሰነዶች የበጀት ሠንጠረዡ ብዙ ጊዜ በሚገባ ተደምሮ ይመጣል። ይሁን እንጂ «የውኃ ታንከር 2፣ ሲሚንቶ 14» ከሚለው ጀርባ ያለው አሳብ ስለማይጻፍ ገምጋሚው ሰነዱን ከጥያቄ ጋር ይመልሰዋል። የበጀት ማብራሪያ ማለት ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገሮችን ማስፈር ነው፦ መነሻ ግምቱን፣ የቁጥሩን ምንጭና የስሌቱን መንገድ። ይህንንም በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በአዳማና በወንጂ ዙሪያ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባሉ ሌሎች ከተሞች፣ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው፤ ጥርስን ያበልዛል፣ ሲቆይም አጥንትን ይጎዳል። ስለዚህ 60 ተማሪዎች ያሉት የአብነት ትምህርት ቤት ከአዳራሹ ጣሪያ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም አሰበ እንበል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ታንከሩ ለምን ሁለት ሆነ?» የሚል ነው። ማብራሪያው እንዲህ ይጻፋል፦ ውኃው ለመጠጥ ብቻ ነው፤ ለአንድ ተማሪ በቀን 2 ሊትር ተይዟል፤ ደረቁ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት 150 ቀን ነው። 60 × 2 × 150 = 18,000 ሊትር። ባለ 10,000 ሊትር ታንከር ሁለት ያስፈልጋል። የሚተርፈው 2,000 ሊትር በቀን 120 ሊትር ሲወጣ ለ16 ቀን ያህል ይበቃል። እንግዲህ የበልጉ ዝናብ ከዚያ በላይ ቢዘገይ ውኃው እንደሚያልቅ ገምጋሚው ከማብራሪያው ራሱ ይረዳል፤ እኛም ልንደብቀው አይገባም።

ጣሪያው ይህን ውኃ መስጠቱም ይታያል። ጣሪያው 120 ካሬ ሜትር፣ የዓመቱ ዝናብ 800 ሚሊ ሜትር፣ ከዘነበውም ወደ ታንከሩ የሚደርሰው 80 በመቶ ቢሆን፣ 120 × 0.8 × 0.8 = 76.8 ሜትር ኩብ ወይም 76,800 ሊትር ይሆናል። የጣሪያው ስፋት በሜትር የተለካ መሆኑ፣ የዝናቡ መጠን ከሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የተገኘ መሆኑ፣ 80 በመቶው ግን ግምት መሆኑ ተለይቶ ይጻፋል። የተለካውና የተገመተው በአንድ ዓይን እንዲታዩ ማድረግ ገምጋሚውን ያሳስታል።

ሁለተኛው የሲሚንቶው መስመር ነው። የታንከሮቹ መቀመጫ 6 ሜትር በ3 ሜትር፣ ውፍረቱ 0.20 ሜትር ነው፤ ይህም 3.6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ቢያዝ 12.96 ኩንታል ይሆናል፤ 5 በመቶ ብክነት ሲጨመር 13.6፣ ተጠጋግቶ 14 ኩንታል። እዚህ ላይ «14» ብቻ ቢጻፍ አንዱ ኩንታል፣ ሌላው ባለ 50 ኪሎ ከረጢት አድርጎ ያነበዋል፤ በኋለኛው ንባብ የሚገዛው 7 ኩንታል ብቻ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ለስሌት ያህል ኩንታሉ 2,000 ብር ይሁን። 28,000 ብር ይመጣል። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን የማያካትት ከሆነ 15 በመቶው፣ ማለትም 4,200 ብር፣ ተጨምሮ 32,200 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ዋጋው ከስንት ነጋዴ፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ቀን እንደተጠየቀ፣ ታክስና ማጓጓዣ መግባት አለመግባታቸው ይጠቀሳል። በአዳማ የተጠየቀ ዋጋ መቂ ወይም ባቱ ላይ ለሚሠራ ሥራ ሲውል የመኪና ኪራዩ በራሱ መስመር ይቀመጥ።

ቀኑ ለምን አስፈለገ? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ በጀት ተመኑንና ቀኑን ከጻፈ፣ ገምጋሚው ከውጭ የሚገቡትን ዕቃዎች ለይቶ እንደገና ማስላት ይችላል። ካልጻፈ ግን ሙሉ ሰነዱ እንደ አዲስ ይሠራል።

በመጨረሻም የምእመናን የጉልበት አስተዋፅኦ አለ። «የማኅበረሰብ ድርሻ 24,000 ብር» ማለት ብቻውን አይበቃም። 15 ሰው × 4 ቀን = 60 የሰው ቀን፤ በቀን 400 ብር ሲታሰብ 24,000 ብር። የቀን ሒሳቡ በከተማው ለቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው መብለጥ የለበትም፤ ሥራው ሲከናወንም ሰዎቹ የፈረሙበት የመገኘት መዝገብ ማስረጃ ይሆናል።

ማብራሪያዎቹ የሠንጠረዡን ተራ ቁጥር ይዘው ይጻፉ። ሰነዱ ከመላኩ በፊትም በዝግጅቱ ያልተሳተፈ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ማብራሪያውን ብቻ ይዞ ድምሩን እንደገና ያውጣ። የተለየ ቁጥር ካገኘ፣ ስሕተቱ በሠንጠረዡ ወይም በማብራሪያው ውስጥ አለና፣ ገምጋሚው ሳያገኘው እኛው እናርመው።